«ባቡሩ ሐረርን ጎዳ» የሚል መጽሐፍ ቢደርስዎ፦ ስለ ታሪክ መጽሐፍ ግምገማ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መጽሐፍ መገምገም ምዕራፎቹን በየተራ ማሳጠር አይደል?»

አይደለም። እንዲያ ከሆነ ማውጫውን ረዘም አድርጎ መገልበጥ ይሆናል። አንባቢው በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ደራሲው ምን ብሎ እንደሚከራከር ነው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የታሪክ ምሁር «የሐረር ንግድ የተዳከመው በባቡሩ ምክንያት ነው» የሚል መጽሐፍ ጻፈ እንበል። እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ ይህን ሐሳብ ያልሰማ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ለምሳሌ ይመቻል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ክርክሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። ሐረር ሀብቷን ያገኘችው ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ደጋው የሚወጣውና የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ከተማ ስለነበረች ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የተራራውን ወጪ ሸሽቶ ቆላ ለቆላ ሲመጣና በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ነጋዴውም ተከትሎ ወረደ። ስለዚህ ከተማዋን ያዳከማት በ1887 በምኒልክ ጦር መያዟ ሳይሆን የሐዲዱ መስመር ነው።

ብዙ ገምጋሚ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይጽፍና ሦስተኛውን ይተዋል። ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ደራሲው ከማን ጋር እየተከራከረ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ ማስረጃውም መመዘን ያለበት በዚያ ነው።

«የግርጌ ማስታወሻው ገጹን ከሞላው ማስረጃው ጠንካራ ነው።»

ብዛቱ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ሁሉንም ማጣራት አይጠበቅብዎትም፤ ዋናውን ክርክር የተሸከሙትን ሦስት አራቱን ለይተው ይከታተሉ። የሰነዱ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ጸሐፊው፣ የሚገኝበት ቤተ መዛግብትና የመዝገብ ቁጥሩ ተጽፏል? ወይስ ማስታወሻው ወደ ሌላ መጽሐፍ፣ ያ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ሌላ ይመራል? ሦስት የተለያዩ ምስክሮች የሚመስሉት አንዳንዴ ከአንድ ነጋዴ አፍ የተሰማ አንድ ወሬ ሆነው ይገኛሉ።

ቀጥሎ ሰነዱ የቆጠረው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የእኛ ደራሲ ዋና ማስረጃው የባቡር ኩባንያው የጭነት መዝገብ ነው እንበል። ሠንጠረዡ በድሬዳዋ ጣቢያ የሚያልፈው ዕቃ ከዓመት ዓመት እንደጨመረ ያሳያል። ደራሲው ከዚህ ተነስቶ «ሐረር ወደቀች» ይላል። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከሐረር ዙሪያ የተሰበሰበው ቡና ቁልቁለቱን ወርዶ የሚጫነው ድሬዳዋ ነው። መዝገቡ ላይ የድሬዳዋ ጭነት ተብሎ ይቆጠራል። ቡናው የማን እንደሆነ፣ ትርፉ የት እንደገባ መዝገቡ አይናገርም። የሐረር ነጋዴ እቤቱ ተቀምጦ በወኪሉ በኩል ሲያስጭን ኖሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ የድሬዳዋን ማደግ ያስረዳል፤ የሐረርን መውደቅ ግን አያስረዳም።

ከባቡሩ በፊት የሐረር ዕቃ ይወጣበት የነበረው የዘይላ ወደብ መዝገብም እንደዚሁ ነው። የዘይላ ንግድ ቀነሰ ማለት ዕቃው መንገድ ቀይሮ በጅቡቲ ወጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ሐረር ራሷ ላይ የደረሰውን ለማወቅ ከሐረር የወጣ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የኬላ ቀረጥ፣ የቤትና የሱቅ ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ። ደራሲው እነዚህን ከተጠቀመ ክርክሩ ጠንካራ መሬት ላይ ቆሟል። ካልተጠቀመ ግምገማዎ ይህን በግልጽ ማስፈር አለበት።

ሌላም መፈተኛ አለ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ሳይቀጥል ብዙ ቆየ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሥራው በአዲስ ኩባንያ ተጀምሮ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1917 ነው። ለዓመታት ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ስለነበረች ወደ ሸዋ የሚሄደው ዕቃ ከዚህ በእንስሳት እየተጫነ ይቀጥል ነበር። ከ1917 በኋላ ግን ሳይራገፍ ማለፍ ጀመረ። ሁለቱ ዘመናት ለሐረር አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም። ደራሲው ለያይቶ ካላያቸው «ባቡሩ» የሚለው ምክንያት እጅግ ደብዛዛ ነው።

በዚያ ላይ በ1906 ራስ መኮንን አረፉ። ሐረርን ከ1887 ጀምሮ ያስተዳደሩት፣ የውጭ ነጋዴውንም ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከ1902 በኋላ ታየ የተባለው መዳከም ከሐዲዱ ይሁን ከአስተዳደር ለውጡ እንዴት ተለየ? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ራሱ አንስቶ ከመለሰ ሊመሰገን ይገባል።

«ዓመተ ምሕረት ማጣራት የአርታኢ ሥራ ነው።»

ለሐረር ታሪክ አይሠራም። ሰነዶቹ በሂጅራ፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል። ምኒልክ ሐረርን የያዙበት የጨለንቆ ጦርነት በአውሮፓው ጥር 1887 ነው፤ በእኛ 1879፣ በሂጅራ ደግሞ 1304። የሂጅራ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ከአውሮፓው ጋር ያለው ልዩነት በየጊዜው ይጠባል። በዛሬው 579 ገደማ ልዩነት 1304ን ቢመነዝሩት 1883 ይመጣል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሐረር ውስጥ የነበሩት ግብፆች ናቸው፤ የወጡት በ1885 ነው። እንዲህ ያለ ስህተት አንድን ውል ከእነሱ በኋላ እስከ ጨለንቆ ከገዛው ከሐረር አሚር ዘመን አንስቶ ግብፆች ዘመን ውስጥ ይጥለዋል። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን መርጠው ራስዎ ይመንዝሩ።

«ጉድለት ማለት ደራሲው ያልጻፈው ሁሉ ነው።»

ይህ በደራሲው ላይ ግፍ ነው። እስከ 1917 ብቻ እጽፋለሁ ያለን ሰው የጣሊያንን ወረራ ለምን አልጻፍክም ማለት አይገባም። ሚዛኑ ራሱ የገባው ቃል ነው። የከተማዋን ኑሮ አሳያለሁ ብሎ ርዕስ ከሰጠና የተጠቀመው የቆንስላ ደብዳቤና የኩባንያ መዝገብ ብቻ ከሆነ ግን ጉድለቱ እውነተኛ ነው። እነዚህ ሰነዶች የሚያዩት ለውጭ ገበያ የሚወጣውን ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ በጉልት የሚሸጠውን፣ የገበያ ሴቶችን ገቢ፣ የግመል ነጂውን ኪራይ አያዩም። ሐረር በዐረብኛ የተጻፉ ሰነዶች እያሏት ደራሲው አንዱንም ካልነካ፣ ያንን ለአንባቢው መንገር የገምጋሚው ግዴታ ነው።

አጻጻፉም ላይ ይጠንቀቁ። «ማስረጃው ደካማ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። «ምዕራፍ አራት የሐረርን መዳከም የሚያስረዳው በድሬዳዋ ጭነት ነው፤ ከሐረር የወጣ ቁጥር የለውም» ቢሉ አንባቢው ገልጦ ማየት ይችላል። ደራሲውም መልስ መስጠት ይችላል።

«መጨረሻው ላይ ግሩም መጽሐፍ ነው ወይም አይረባም ማለት አለብኝ።»

የግድ አይደለም። ለማን እንደሚሆን መናገር ይበልጣል። የእኛን መጽሐፍ የድሬዳዋን አነሳስ ለሚያጠና ሰው ያለ ሥጋት እሰጠዋለሁ፤ የጭነት ሠንጠረዦቹ ብቻ ይበቁታል። ከ1887 በኋላ ጁገል ውስጥ ማን ከበረ፣ ማን ደኸየ ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ እዚያ ውስጥ የለም።