ለነርስ ረዳት የሚሰጥ ሥራ እና ከነርሷ እጅ የማይወጣ ውሳኔ

በአሜሪካ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ሕመምተኛን ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ የደም ግፊትና ሙቀት መለካት በአብዛኛው የነርስ ረዳቶች ሥራ ነው። ከዋሽንግተን ዙሪያ እስከ ሚኒሶታ በርካታ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሙያ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ የአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳቶች ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑ ያስገድዳል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ግዛቶችም አሉ። ነርስ ምን አሳልፋ መስጠት እንደምትችል የሚወስነው የየግዛቱ የነርስ ሕግና የተቋሙ መመሪያ ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው፦ መለካት ይሰጣል፣ ልኬቱ ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ግን አይሰጥም። የሕመምተኛውን ሁኔታ መመርመር፣ እንክብካቤውን ማቀድ፣ ውጤቱን መገምገምና ሕመምተኛውን ማስተማር ከነርሷ እጅ አይወጡም። ረዳቷም የተቀበለችውን ሥራ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አትችልም።

አስቸጋሪው ነገር የሥራው ስም ሳይቀየር ሥራው መቀየሩ ነው። ማብላት የረዳት ሥራ ነው። ትናንት ማታ ስትሮክ የመታውን ሰው ማብላት ግን መዋጥ መቻሉ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ ለማንም አይሰጥም፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ሲነሳም ግፊቱ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል ነርሷ አብራ ብትቆም ይመረጣል።

የልብ ድካም ያለባቸውን አንዲት እናት እንውሰድ። ትናንት 72 ኪሎ ነበሩ። ነርሷ «እማማን መዝኛቸው» ብላ ብቻ ከሄደች ሥራውን በቅጡ አልሰጠችም። የተሟላው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ «ከቁርስ በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሰው ከተመለሱ በኋላ፣ በትናንቱ ሚዛን መዝኛቸው። ከ73 ካለፉ መዝገብ ላይ ከመጻፍ አልፈሽ ወዲያው ንገሪኝ።» ሚዛኑ 74 አሳየ። ረዳቷ ቁጥሩን ከነገረቻት በኋላ ሌሊት ለመተንፈስ እንዲቀላቸው ትራስ ደርበው እንደተኙም ጨመረችላት። በአንድ ቀን የተጨመረ 2 ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም፤ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የነርሷ ድርሻ ነው፦ ሳንባቸውን ታዳምጣለች፣ የእግራቸውን እብጠት ታያለች፣ የኦክስጅን መጠናቸውን ትመለከታለች፣ ከዚያም ለሐኪሙ ትደውላለች።

ሥራው በቅጡ አለመሰጠቱን ብዙውን ጊዜ መዝገቡ ራሱ ያሳብቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተጻፈ 88/50 የሆነ ዝቅተኛ የደም ግፊት ነርሷ 3 ሰዓት ላይ ብታገኘው፣ ረዳቷ መለካቱንም መጻፉንም በትክክል ሠርታ ይሆናል፤ ስንት ሲሆን መጥራት እንዳለባት ግን ማንም አልነገራትም። እንዲህ ባለው ጉዳይ ረዳቷን ብቻ መውቀስ የተለመደ ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። ረዳቷ ለራሷ አሠራር ትጠየቃለች፤ ሥራውን ለእርሷ ለመስጠት የወሰነችውና መከታተል የሚገባት ግን ነርሷ ናት።