የድርድር ልምምድ ሲያበቃ፦ መምህራን የጥንዶችን ውጤት እንዴት ያወዳድራሉ?

ድርድር በሚያስተምሩ የቢዝነስና የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደራደራሉ። አንዱ ሻጭ ይሆናል፣ ሌላው ገዢ። ለእያንዳንዳቸው ሌላው የማያየው መመሪያ ይሰጣቸዋል። ሁሉም ጥንዶች ስለ አንድ ጉዳይ፣ በአንድ ዓይነት መመሪያ ስለሚደራደሩ ውጤታቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት፣ ማለትም ዲብሪፍ፣ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። መምህሩ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። አንደኛው ጥንዱ አንድ ላይ ምን ያህል ጥቅም ፈጠረ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከተፈጠረው ውስጥ እያንዳንዱ ምን ያህሉን ወሰደ የሚለው ነው።

አመጣጡ

የአስተዳደር ጸሐፊዋ ሜሪ ፓርከር ፎሌት የሁለቱንም ወገን ፍላጎት ስለሚያሟላ መፍትሔ የጻፈችው በ1920ዎቹ ነው። ሲድኒ ሲገልና ሎረንስ ፎሬከር በ1960 ባሳተሙት ጥናት ተደራዳሪዎችን በትርፍ ሠንጠረዥ አደራድረዋል። በ1965 ሪቻርድ ዋልተንና ሮበርት ማከርሲ የሠራተኛና የአሠሪ ድርድርን ሲያጠኑ፣ ያለውን መከፋፈልና አዲስ ጥቅም ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አሳዩ።

ዲብሪፍ የዛሬ መልኩን የያዘው ግን በ1980ዎቹ ነው። የውሳኔ ሳይንስ ሊቁ ሃዋርድ ራይፋ በሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1982 ያሳተመው ሥራ በብዛት የሚንተራሰው ተማሪዎቹ በልምምድ ባስመዘገቡት ውጤት ላይ ነው። ራይፋ ከመምከሩ በፊት የሰዎቹን ውጤት ቆጥሮ ያያል። የአንዱን ውጤት በአግድም፣ የሌላውን በቁመት አስቀምጦ፣ ጥንዶቹ ሊደርሱበት ይችሉ ከነበረው ዳር ምን ያህል እንደራቁ ያሳያል። ይህ ሥዕል ለድርድር ትምህርት ከተበረከቱት ሁሉ ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1983 በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የድርድር ፕሮግራም ተመሠረተ። በ1986 ደግሞ ዴቪድ ላክስና ጄምስ ሴቤኒየስ ዛሬ የምንጠቀምበትን አገላለጽ በሰፊው አስተዋወቁ፦ ጥቅም መፍጠርና ጥቅም መውሰድ። የእነሱ ትልቁ ነጥብ ሁለቱ እርስ በርስ የሚጎተቱ መሆናቸው ነው። ጥቅም ለመፍጠር መረጃ ማውጣት ያስፈልጋል። ያወጣኸው መረጃ ግን ድርሻህን ሊያስበላህ ይችላል። ዲብሪፍ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውጤት ከመታየቱ በፊት

ጥሩ ዲብሪፍ የሚጀምረው ተማሪዎቹ ከጠረጴዛው ሳይነሱ ነው። ሁለቱም የተስማሙበትን ለየብቻ ጽፈው ያስረክባሉ። የማይገጥሙ ቅጾች መምጣታቸው አይቀርም። አንዱ “ክፍያ በሦስት ወር” ይላል፣ ሌላው “በሁለት”። ይህ የጸሐፊነት ስህተት ተብሎ መታለፍ የለበትም። በእጅ መጨባበጥ ብቻ የተዘጋ ስምምነት ምን እንደሚመስል ክፍሉ በዓይኑ ያያል።

በዚያው ቅጽ ላይ ሌሎች ጥቂት ጥያቄዎች ይጨመራሉ። የመጀመሪያውን ዋጋ ማን ጠራ? ስንት? በውጤቱ ምን ያህል ረክተሃል? ለሌላው ወገን ከሁሉም የሚበልጥበት ጉዳይ የትኛው ይመስልሃል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ውጤት ከታየ በኋላ ከተጠየቀ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም “አውቄው ነበር” ይላል።

አንድ ልምምድ በዝርዝር

ለማስረጃ ያህል አንድ ቀላል ልምምድ እንሥራ። አንድ ድርጅት ማሽን ይገዛል። የሚደራደሩት በአራት ጉዳዮች ላይ ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። እዚህ 40 ነጥብ አለ፤ ሻጭ ያገኘውን ያህል ገዢ ያጣል። ሁለተኛው የማስረከቢያ ጊዜ ነው። ፈጥኖ ከመጣ ገዢ እስከ 60 ነጥብ ያገኛል፤ ዘግይቶ ከሆነ ሻጭ የሚያገኘው እስከ 20 ብቻ ነው። ሦስተኛው የክፍያ ጊዜ ሲሆን የዚህ ግልባጭ ነው። ቶሎ መከፈል ለሻጭ እስከ 60፣ መዘግየት ለገዢ እስከ 20 ያስገኛል። አራተኛው የኦፕሬተሮች ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ነው። ሁለቱም ገዢው ግቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እዚያ ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 10 ነጥብ አለ፣ ሻጩ ጋር ከሆነ ግን ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ካልተስማሙ እያንዳንዳቸው ሌላ አማራጭ አላቸው፤ እሱም 50 ነጥብ ያወጣል።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚያወጣው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

| ጥንድ | ሻጭ | ገዢ | ድምር |
|---|---|---|---|
| 1 | 65 | 65 | 130 |
| 2 | 88 | 52 | 140 |
| 3 | 102 | 78 | 180 |
| 4 | 90 | 90 | 180 |
| 5 (አልተስማሙም) | 50 | 50 | 100 |

ጥንድ 1 ሁሉንም ነገር እኩል በእኩል ተካፈሉ። ዋጋው መሃል፣ ማስረከቢያው መሃል፣ ክፍያው መሃል፣ ሥልጠናው ሳይቀር ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። በሰላም ተጨባብጠው የወጡትና በእርካታ ጥያቄው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሞሉት ብዙ ጊዜ እንደነሱ ያሉት ናቸው። ማስረከቢያውን ለገዢ፣ ክፍያውን ለሻጭ፣ ሥልጠናውን ለሁለቱም በሚሆን መንገድ ለቀው ዋጋውን ብቻ ቢካፈሉ ኖሮ እንደ ጥንድ 4 90 በ90 ይወጡ ነበር። መሃል ላይ በመገናኘታቸው እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ጥለዋል።

የተፈጠረው ጥቅም የሚለካው ከዜሮ ተነሥቶ አይደለም። ባይስማሙም 100 ነበራቸው። ስለዚህ ጥንድ 1 የፈጠረው 30፣ ጥንድ 2 40፣ ጥንድ 3 እና 4 ደግሞ ሙሉውን 80 ነው። የተወሰደውም በዚሁ ይለካል። የጥንድ 2 ሻጭ ከአማራጩ በላይ 38 ወሰደ፣ ገዢው 2 ብቻ።

አሁን የጥንድ 2ን ሻጭ እንይ። ከገዢዋ ጋር ስትተያይ ድል ያደረገች ይመስላታል። መወዳደር ያለባት ግን ከሌሎች ሻጮች ጋር ነው፤ እነሱ የያዙት መመሪያ የሷ ነውና። የጥንድ 4 ሻጭ እኩል ተካፍሎ 90 አግኝቷል። እሷ አጥብቃ ተከራክራ 88። ከትንሽ ዳቦ ትልቁን ቁራሽ ወሰደች። የጥንድ 3 ገዢ ደግሞ በተቃራኒው የተሸነፈ መስሎት ይቀመጣል፣ 78 በ102 ነውና። ከጥንድ 1 እና 2 ገዢዎች ግን በብዙ ይበልጣል። ውጤት በሚና ተለይቶ መነበብ ያለበት ለዚህ ነው።

ሥዕሉን ማንበብ

እነዚህ ጥንዶች በግራፍ ላይ ሲቀመጡ የሻጭ ውጤት በአግድም፣ የገዢ በቁመት ይሆናል። ጥንድ 3 እና 4ን የሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር የዳሩ አካል ነው። በዚህ መስመር ላይ ድምሩ 180 ሆኖ ይቆያል፤ የሚለወጠው ክፍፍሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥንዶች ማነጻጸር ስለ መውሰድ ያስተምራል። ጥንድ 1 እና 4ን ማነጻጸር ግን ስለ መፍጠር ነው፤ ሁለቱም እኩል ተካፍለዋል፣ የራቁት በመጠን ነው።

ብዙ መምህራን የዳሩን መስመር መጀመሪያ አያሳዩም። የጥንዶቹን ምልክቶች ብቻ አውጥተው “ሁላችሁም ያው መመሪያ ነው የያዛችሁት፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?” ይላሉ። ተማሪዎቹ ራሳቸው መልስ ሲያነሡ፣ ሲከራከሩ ቆይተው መስመሩ ይሠመራል። ቀድሞ ከተሠመረ ውይይቱ እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ የሚጠሩት ውጤታቸው አንድ ነገር የሚያስተምር ጥንዶች ናቸው። ጥንድ 2 ሥልጠናውን ሁለቱም በማይፈልጉት ቦታ አድርገዋል። መምህሩ ገዢውን “ሻጩ ጋር ይሁን ያልከው ለምንድን ነው?” ይለዋል። “ሠራተኞቻቸውን ወደኛ መላክ አይፈልጉም ብዬ ነዋ” ይላል። “አንቺስ?” “እሱ ከፈለገ ብዬ ተውኩለት።” ክፍሉ ይስቃል፣ ሁለቱ ግን ይደነግጣሉ። ሊ ቶምፕሰንና ሪድ ሄስቲ በ1990 ባሳተሙት ጥናት ተደራዳሪዎች አንድ ዓይነት ፍላጎት እያላቸው እንኳ እንደማያስተውሉት አሳይተዋል። የጥንድ 2 ተደራዳሪዎችም አልተጠያየቁም፤ ተቃራኒ ወገን ስለሆነ የሚፈልገውም ተቃራኒ ይሆናል ብለው ገመቱ። ቀደም ሲል የተሞላው የግምት ጥያቄ እዚህ ላይ ይወጣል።

ጥንድ 3 እና 4 የሚጠየቁት ሌላ ነው። ሁለቱም ዳር ደርሰዋል፤ በዋጋው ላይ ግን ሻጮቹ 12 ነጥብ ተለያይተዋል። የመጀመሪያው ዋጋ በማን ተጠራ፣ ስንት ተባለ፣ ምላሹስ ምን ነበር? አዳም ጋሊንስኪና ቶማስ ሙስዋይለር በ2001 ባሳተሙት ሥራ ቀድሞ የጠራ ወገን ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ፣ ሌላው ግን በራሱ ግብ ላይ ካተኮረ ይህ ብልጫ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። የቅጹ መልስ ከግራፉ ጋር ሲገጠም ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ውጤት ውስጥ ይፈልጉታል። በጥቂት ጥንዶች ባለ ክፍል ግን ሁልጊዜ አይታይም። ባይታይ መምህሩ ባልታየው ላይ መስበክ የለበትም።

የማይስማሙባቸው ነገሮች

ውጤቱ ከማርክ ጋር ይያያዝ ወይ በሚለው ላይ መምህራን ተከፋፍለዋል። ካልተያያዘ ተማሪው አይታገልም የሚሉ አሉ። ከተያያዘ ደግሞ ዕድል ይመዘናል የሚሉ አሉ፤ ከግትር ሰው ጋር የተጣመረ ተማሪ ምን ያድርግ? ማርክ ከተሰጠ ግን በሚና ውስጥ ብቻ ተነጻጽሮ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ልምምዶች ላይ ተሰብስቦ መሆን አለበት። ስም መለጠፉም ያከራክራል። በትንሽ ክፍል ቁጥር ብቻ ቢጻፍም ማን ማን እንደሆነ ይታወቃልና የተጎዳውን ሰው ቀድሞ ለብቻ ማነጋገር ይሻላል።

ሌላው የነጥቡ ትርጉም ነው። የሻጭ 1 ነጥብ ከገዢ 1 ነጥብ ጋር እኩል የሆነው ልምምዱን ያዘጋጀው ሰው ስላለ ነው። ከክፍል ውጭ እንዲህ የሚደመር ነገር የለም። ዳሩ ራሱም ቀጥ ብሎ አይዘልቅም። በዚህ ልምምድ ሻጭ 110 ላይ ሲደርስ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ወስዶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ሊያገኝ የሚችለው ማስረከቢያውን በማዘግየት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 1 ነጥቡ ገዢውን 3 ያስከፍላል። ያ ወገን ድርሻውን ሲያሰፋ ድምሩ ይቀንሳል።

እንደገና መደራደር

ራይፋ በ1985 ያቀረበው አንድ ሐሳብ ለዲብሪፍ በጣም ይመቻል። ስምምነቱ አንዴ ከታሰረ በኋላ፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው የማያንስ የሚያገኙበት ሌላ ስምምነት ይፈለጋል። ካልተገኘ የመጀመሪያው ይጸናል። ግራፉ ከታየ በኋላ ጥንዶቹ ለአጭር ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳሉ። ጥንድ 1 ብዙም ሳይቸገር 180 ላይ ይደርሳል። ጥንድ 3 እና 4 የሚያሻሽሉት የለም። ጥንድ 2 ላይ ግን 40 ነጥብ ተርፎ ተገኝቷል። ሻጯ ከ88፣ ገዢው ከ52 ወርዶ አይስማማም። ሥልጠናውን ወደ ገዢው ግቢ መመለስ በአንድ ቃል ያልቃል፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ነው። ማስረከቢያውን ማፋጠን ግን ለገዢው 30 ጨምሮ ከሻጯ 10 ይቀንሳል። እሷም ለ10ሩ ማካካሻ ከዋጋው ላይ ትጠይቃለች፤ ገዢው ያን ይሰጣታል፣ እሷ ግን ከ10 በላይ ትጠይቃለች። ክርክሩ የሚጀምረው ያኔ ነው።