ኤስኤምአር ዲስክ ናስ ውስጥ ሲገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዲስኩ አዲስ ነው፤ የሚያዘገየው የድሬ ሙቀት ነው።»

ከዚራ ያለ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤት እንዲህ ያሉኝ፣ በዜድኤፍኤስ የፋይል ሲስተም የሚሠራው ባለ 4 ዲስክ ናሳቸው፣ ማለትም ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራው ማከማቻቸው፣ አንድ ዲስክ ተበላሽቶበት አዲስ 4 ቴራባይት በተኩ ማግስት ነው። ሙቀቱን አየሁት፤ 41 ዲግሪ፣ ለሃርድ ዲስክ ደህና ነው። የጠፋውን መረጃ ከቀሩት ዲስኮች አስልቶ አዲሱ ላይ የሚጽፈው ሪቢልድ ግን በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ጀምሮ ወደ 10 ወርዷል። በመጀመሪያው ፍጥነት 7 ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው ሥራ በሁለተኛው ከ4 ቀን ተኩል ያልፋል።

አዲሱ ዲስክ ኤስኤምአር ነው፤ ችግሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። በሲኤምአር ዲስክ የመረጃ መስመሮቹ ተለያይተው ስለተቀመጡ አንዱን መቀየር ጎረቤቱን አይነካም። በኤስኤምአር ግን ብዙ መረጃ እንዲይዝ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ይደራረባሉ። ከመሃል ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር የተደረበበትን ማንሳት ግድ ነው፤ ዲስኩም ለአንዲት ትንሽ ለውጥ ተከትለው የተደረቡትን መስመሮች አንብቦ እንደገና ይጽፋል። አንዱ የተደራረበ ክፍል ብዙውን ጊዜ 256 ሜጋባይት ነው።

«ፋይል ስገለብጥበት ፈጣን ነበር፤ ታዲያ ምን ጎደለው?»

ዲስኩ ለመጠባበቂያ ያልተደራረበ ትንሽ ቦታ አለው። አዲስ ጽሑፍ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይሄዳል። በስቱዲዮ የዕለት ሥራ ዕረፍት ስለማይጠፋ ድካሙ አይታይም። ሪቢልድ ግን ፋታ አይሰጥም፤ መጠባበቂያው ይሞላና እያንዳንዱ ጽሑፍ ያንን ሁሉ ማንሳትና መመለስ ይጠብቃል። መልስ ሲዘገይ ሲስተሙ ዲስኩን ተበላሽቷል ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። በዚህ መሃል ሌላ ዲስክ ከሞተ ደግሞ የሰርጎቹ ቪዲዮ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ከዜድኤፍኤስ በተለየ ከዳር እስከ ዳር በተርታ የሚጽፍ ተራ ሬይድ፣ ማለትም ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ የተለመደው ዘዴ፣ ሌላ ሥራ ካልተጫነበት፣ ይህን ያህል አይጎዳም።

«ለናስ ተብሎ የተሸጠ ነው እኮ።»

በ2020 የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ዲስኮች፣ ለናስ እየተባሉ የተሸጡት፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት አንዳንድ ሞዴሎች ኤስኤምአር መሆናቸው ይፋ ወጥቷል። WD40EFAX ኤስኤምአር ነው፤ WD40EFRX ሲኤምአር። ሳጥኑን ትታችሁ የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ ሰነድ ጋር አስተያዩ። በሊኑክስ ደግሞ `sdb`ን በዲስካችሁ ስም ተክታችሁ ይህን ሞክሩ፦

```
lsblk --discard /dev/sdb
```

በሚሽከረከር ዲስክ `DISC-MAX` ከዜሮ ከበለጠ ኤስኤምአር መሆኑን በብርቱ ጠርጥሩ። ዜሮ ሲሆን ግን ነፃ አያወጣውም፤ ይህን የማያሳውቁ ኤስኤምአሮች አሉ።

ስቱዲዮው ያን ሳምንት ናሱ ላይ መገልበጥ አቁሞ ሪቢልዱን አስጨረሰ። ከዚያ ዲስኩን በሲኤምአር ተካነው፤ የወጣው አሁን በወር አንዴ ያለቁ ሥራዎች የሚገለበጡበት የውጭ ዲስክ ነው።