የመርሃ ግብር ክብደት ምንድን ነው?

ሁለት ቡድኖች ከሦስት ጨዋታ እኩል 7 ነጥብ ይዘዋል እንበል። አንደኛው ነጥቡን ከጠንካሮች ታግሎ ያገኘው፣ ሌላኛው ደግሞ ከደካሞች የሰበሰበው ሊሆን ይችላል። የደረጃ ሰንጠረዥ ይህን አይለይም፤ 7 ለእሱ 7 ነው። የመርሃ ግብር ክብደት የሚባለው አንድ ቡድን የገጠማቸው ተጋጣሚዎች በአማካይ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበሩ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ከቡድኑ ውጤት ጋር ስንደምር የተለያዩ ተጋጣሚዎችን የገጠሙ ቡድኖችን ማወዳደር ይቻላል።

ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ማንም ይህን ስሌት መሥራት አልነበረበትም። በዚያ ዓመት በሊጉ ሁሉም ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ስለገጠመ፣ የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም መርሃ ግብር ያው አንድ ነበር ማለት ይቻላል (ሻምፒዮኑ ራሱን ካለመግጠሙ በቀር፤ ይህች ትንሽ ጥቅም ናት)። ችግሩ የሚመጣው በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት “ማን ይሻላል?” ብለን ስንከራከር፣ ወይም ውድድሩ በምድብ ተከፍሎ የአንዱ ምድብ ቡድኖች የሌላውን ምድብ እምብዛም ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው።

ይህን ሁለተኛውን በምሳሌ እንየው። ጎንደር ውስጥ በክረምት የሚደረግ የሰፈሮች ውድድር አስቡ። ቡድኖቹንም ውጤቶቹንም ለስሌቱ ብዬ የፈጠርኳቸው ስለሆነ የአዘዞ ልጆች አይቀየሙኝ። በምድብ አንድ ፒያሳ፣ አዘዞና ማራኪ አሉ፤ በምድብ ሁለት አራዳ፣ ቀሃና ጠዳ። እያንዳንዱ ቡድን የምድቡን ሁለት ቡድኖች ይገጥማል፣ ከዚያ ከሌላው ምድብ አንድ ቡድን ይገጥማል።

በምድብ አንድ ፒያሳ አዘዞን 3 ለ 0፣ ማራኪን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አዘዞና ማራኪ 1 ለ 1 ወጡ። በምድብ ሁለት አራዳ ቀሃን 4 ለ 0፣ ጠዳን 2 ለ 1 ረታ፤ ጠዳ ቀሃን 2 ለ 0 አሸነፈ። በምድብ ተሻጋሪዎቹ ጨዋታዎች ፒያሳና አራዳ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ አዘዞ ቀሃን 3 ለ 0፣ ማራኪም ጠዳን 3 ለ 0 ረታ።

ፒያሳና አራዳ እኩል 7 ነጥብ አላቸው፤ እርስ በርስም አቻ ናቸው። በግብ ክፍያ አራዳ 5፣ ፒያሳ 4 ስለሆነ ሰንጠረዡ አራዳን አንደኛ ያደርጋል። ግን አራዳ ከ5ቱ የግብ ክፍያ 4ቱን ያገኘው ከቀሃ ነው፤ ቀሃ ደግሞ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፏል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ቡድን ብቃት ማለት በጨዋታ ያለው አማካይ የግብ ክፍያ ሲደመር የተጋጣሚዎቹ አማካይ ብቃት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚደናገረው የተጋጣሚዎቹን ብቃት ለማወቅ የእነሱን ተጋጣሚዎች ብቃት ማወቅ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ነገሩ ክብ ይሆናል። መፍትሔው በግምት ጀምሮ ደጋግሞ ማስላት ነው። መጀመሪያ የሁሉንም ብቃት ከአማካይ የግብ ክፍያቸው ጋር እኩል እናደርጋለን፦ አራዳ 1.67፣ ፒያሳ 1.33፣ ማራኪ 0.67፣ አዘዞ 0፣ ጠዳ −0.67፣ ቀሃ −3።

አሁን ፒያሳን እንውሰድ። ተጋጣሚዎቹ አዘዞ፣ ማራኪና አራዳ ናቸው፤ አማካያቸው 0.78 ነው። 1.33 ላይ ሲደመር 2.11 ይሆናል። የአራዳ ተጋጣሚዎች ደግሞ ቀሃ፣ ጠዳና ፒያሳ ናቸው፤ አማካያቸው −0.78 ስለሆነ አራዳ ከ1.67 ወደ 0.89 ይወርዳል። የስድስቱም ቁጥር ስለተቀየረ በአዲሶቹ ቁጥሮች እንደገና እናሰላለን፤ በሁለተኛው ዙር ፒያሳ 1.81፣ አራዳ 1.19 ይሆናሉ። እንዲህ ከፍ ዝቅ እያሉ ቁጥሮቹ ይረጋሉ፦ ፒያሳ 2፣ አራዳና ማራኪ 1፣ አዘዞ 0፣ ጠዳ −1፣ ቀሃ −3። ትርጉሙም ቀጥተኛ ነው፤ ፒያሳ ከአራዳ ጋር እንደገና ቢጫወት በአንድ ግብ ብልጫ ያሸንፋል ብለን እንጠብቃለን። በ4 ነጥብ የተቀመጠው ማራኪም 7 ነጥብ ካለው አራዳ እኩል ሆኖ ወጣ።

የዚህ ስሌት ትልቁ ድክመት ግን እዚሁ ምሳሌ ውስጥ ተደብቋል። በሁለቱ ምድቦች አማካይ ብቃት መካከል ያለው ልዩነት 2 ግብ ነው፤ ይህ ቁጥር የመጣው ከሦስቱ ተሻጋሪ ጨዋታዎች ብቻ ነው። በምድብ ውስጥ የተደረጉት ስድስት ጨዋታዎች የትኛው ምድብ እንደሚከብድ ምንም አይነግሩንም። እስቲ ማራኪና ጠዳ 3 ለ 0 መሆናቸው ቀርቶ 0 ለ 0 ወጡ እንበል። ፒያሳም አራዳም ያልነበሩበት ጨዋታ ነው፤ ሆኖም የሁለቱ ልዩነት ከ1 ግብ ወደ 0.4 ይወርዳል (1.7 እና 1.3)። ተሻጋሪ ጨዋታ ጨርሶ ከሌለ ሁለቱን ምድቦች ማወዳደር አይቻልም፤ የሚያወዳድር ቁጥር ያመጣላችሁ ሰው ካለ ከጨዋታ ውጪ የሆነ ግምት አስገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደረጃ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው “በምድቦቹ መካከል ስንት ጨዋታ ተደርጓል?” ነው። ከዚያም አንድ ውጤት ቀይሮ እንደገና ማስላት ነው፤ ደረጃው በአንድ ውጤት ከተገለበጠ ብዙ አትመኑት።

ሌላው ችግር የግብ ናዳ ነው። አራዳ ቀሃን 4 ለ 0 ሳይሆን 9 ለ 0 ቢረታ ኖሮ ፒያሳና አራዳ ሁለቱም 2.33 ይሆኑ ነበር። ቀሃ በ4 ተመርቶ ተስፋ ሲቆርጥ የገቡት ተጨማሪ 5 ግቦች ስለ አራዳ ብዙ የሚናገሩት የለም። ስለዚህ ብዙ አስሊዎች ጣሪያ ያበጃሉ፤ ለምሳሌ ከ4 በላይ የሆነ ልዩነት እንደ 4 ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ጣሪያ ግዴታ ነው፤ ቁመቱ ግን ውጤቶቹ ከመታወቃቸው በፊት መወሰን አለበት፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ሰፈር ለራሱ የሚስማማውን ጣሪያ ይመርጣል።

ግቦችን ትቶ ማሸነፍና መሸነፍን ብቻ የሚቆጥር መንገድም አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ከ1981 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት ቀመር ለቡድኑ የራሱ ድል 25 በመቶ፣ ለተጋጣሚዎቹ ድል 50 በመቶ፣ ለተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች 25 በመቶ ይሰጥ ነበር። ሦስት አራተኛው ቡድኑ ሜዳ ላይ ከሚሠራው ውጪ ነው። በዚህም የተነሳ ደካማን አሸንፎ ቁጥሩ የሚወርድበት፣ ጠንካራ ጋር ተሸንፎ ከፍ የሚልበት ጊዜ ነበር። መርሃ ግብር አውጪዎችም ቀመሩን አይተው ተጋጣሚ መምረጥ ጀመሩ። በ2018 በሌላ ቀመር ተተካ።

ወደ ሰፈሮቹ ውድድር ስንመለስ፣ ዋንጫው ቀድሞ በተስማሙበት ደንብ በግብ ክፍያ የአራዳ ነው፤ ይህን ስሌት አምጥቶ ዋንጫ መቀማት አይቻልም። ስሌቱ የሚጠቅመው ለቀጣዩ ዓመት ዕጣ ሲወጣ ነው፦ ሁለቱን ምድቦች ፒያሳና አራዳ ይመሯቸዋል፣ ማራኪና አዘዞ ደግሞ ወደተለያየ ምድብ ይገባሉ። ተሻጋሪ ጨዋታዎቹንም ለእያንዳንዱ ቡድን ከአንድ ወደ ሁለት ማሳደግ ከተቻለ ቁጥሩ በአንድ ውጤት የሚናጥ አይሆንም።