የውሳኔ ዛፍ ጥያቄውን በምን ይመርጣል? ጂኒና ኢንትሮፒ ምንድን ናቸው?

ዲሲዥን ትሪ፣ በአማርኛ የውሳኔ ዛፍ፣ ካለፈ መረጃ ተምሮ ውጤት የሚገምት የኮምፒውተር ዘዴ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ተበዳሪ ብድሩን ይከፍል እንደሆነ። የሚሠራው ጥያቄ እየጠየቀ ነው። «ቋሚ ደሞዝ አለው?» ይላል። መልሱ አዎ ከሆነ በአንድ በኩል፣ አይ ከሆነ በሌላ በኩል ይሄዳል። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። ይህን ለመረዳት ማንም አይቸገርም። ጥያቄ የሚሆነው ግን ዛፉ ከብዙ ጥያቄዎች መሃል አንዱን «ይህ ይቅደም» የሚለው በምን መለኪያ ነው? የሚለው ነው። በወረቀትና በካልኩሌተር ሠርተን እንየው።

ስምንት ተበዳሪዎች አሉን እንበል። ሰንጠረዡን ለስሌት እንዲመች አድርጌ እኔው ነኝ ያዘጋጀሁት።

| ተራ ቁ. | ቋሚ ደሞዝ | ዋስ | ብድር (ሺ ብር) | ውጤት |
|---|---|---|---|---|
| 1 | አለ | አለ | 40 | ከፈለ |
| 2 | አለ | የለም | 60 | ከፈለ |
| 3 | የለም | አለ | 20 | ከፈለ |
| 4 | የለም | አለ | 30 | ከፈለ |
| 5 | የለም | አለ | 80 | አልከፈለም |
| 6 | የለም | የለም | 50 | አልከፈለም |
| 7 | የለም | የለም | 25 | አልከፈለም |
| 8 | የለም | የለም | 28 | አልከፈለም |

አራቱ ከፍለዋል፣ አራቱ አልከፈሉም። ምንም ሳንጠይቅ ብንገምት ግማሹን እንስታለን።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዘዴ ስህተት መቁጠር ነው። ሰዎቹን በጥያቄው ለሁለት እንከፍላለን፣ በየቡድኑ የሚበዛውን ውጤት መልስ አድርገን እንወስዳለን፣ ከዚያ ስንቱን እንደሳትን እንቆጥራለን። ጥሩ፣ እንሞክረው።

«ዋስ አለው?» ብለን ብንከፍል፣ ዋስ ካላቸው አራት ሰዎች 3ቱ ከፍለዋል፣ 1 አልከፈለም። ዋስ ከሌላቸው አራት ደግሞ 1 ከፍሏል፣ 3ቱ አልከፈሉም። በየቡድኑ አንድ አንድ ሳትን፤ በድምሩ ሁለት ስህተት ነው።

«ቋሚ ደሞዝ አለው?» ብለን ብንከፍልስ? ደሞዝ ያላቸው ሁለቱም ከፍለዋል። ደሞዝ ከሌላቸው ስድስት 2ቱ ከፍለዋል፣ 4ቱ አልከፈሉም። እዚህም ስህተቱ ሁለት ነው።

በስህተት ቆጠራ ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል ወጡ። ግን እኩል ናቸው? የደሞዙ ጥያቄ አንዱን ቡድን ሙሉ በሙሉ አጥርቶታል። ስለነዚያ ሁለት ሰዎች ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም፣ ጉዳያቸው አልቋል። የዋሱ ጥያቄ ግን ሁለቱንም ቡድኖች ገና እንደተቀላቀሉ ነው የተዋቸው። ስህተት መቁጠር ይህን ልዩነት አያየውም። ስለዚህ ዛፎች ሲሠሩ የሚለካው ስህተት ሳይሆን የቡድኑ ቅይጥነት ነው። ጂኒም ኢንትሮፒም የቅይጥነት መለኪያዎች ናቸው።

ጂኒ በእጅ

ከቡድኑ አንድ ሰው በዕጣ አውጡ፣ ውጤቱን መዝግቡ፣ መልሱት። እንደገና አንድ አውጡ። የሁለቱ ውጤት የተለያየ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ጂኒ ማለት ይኸው ዕድል ነው። ቡድኑ በሙሉ ከፋይ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊወጡ አይችሉም፣ ስለዚህ ጂኒው 0 ነው። ሁለት ዓይነት ውጤት ብቻ ባለበት ከፍተኛው ግማሽ በግማሽ ሲሆን የሚገኘው 0.5 ነው። ቀመሩም ቀላል ነው፦ ከ1 ላይ የየውጤቱን ድርሻ ካሬ እየቀነሱ መሄድ።

```
Gini = 1 - p1² - p2²
```

ሳንከፍል በፊት ስምንቱ 4 ለ 4 ስለሆኑ 1 − 0.25 − 0.25 = 0.5 ነው።

ዋስ ያላቸው 3 ለ 1 ናቸው፦ 1 − 0.5625 − 0.0625 = 0.375። ዋስ የሌላቸውም 1 ለ 3 ስለሆኑ ያው 0.375 ይሆናሉ። የሁለቱ ቡድን አማካይ 0.375 ነው። ቅይጥነቱ ከ0.5 በ0.125 ቀንሷል ማለት ነው።

ደሞዝ ያላቸው 2 ለ 0 ናቸው፣ ጂኒያቸው 0። ደሞዝ የሌላቸው 2 ለ 4 ናቸው፦ 1 − 1/9 − 4/9 = 0.444። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 0ን እና 0.444ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይሆንም፤ ቡድኖቹ በቁጥር እኩል አይደሉማ። እያንዳንዱ በሰዎቹ ብዛት መመዘን አለበት፦ 2/8 × 0 + 6/8 × 0.444 = 0.333። ቅይጥነቱ በ0.167 ቀነሰ።

0.167 ከ0.125 ስለሚበልጥ ደሞዝ አሸነፈ። በስህተት ቆጠራ እኩል የነበሩትን ጂኒ ለያቸው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። የዚህ መለኪያ ስም የመጣው ከጣሊያናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከኮራዶ ጂኒ ነው። በኢኮኖሚ ዜና ላይ ስለ ገቢ አለመመጣጠን ሲወራ የምንሰማው ጂኒም በስሙ ነው የሚጠራው፣ ቀመሩ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ።

ኢንትሮፒስ?

ኢንትሮፒን የመረጃ መለኪያ ያደረገው ክሎድ ሻነን ነው፣ በ1948 እ.ኤ.አ.። የሚለካው በቢት ነው። አንድ ቢት ማለት የአዎ ወይም አይ መልስ የሚሰጠን መረጃ ነው፣ ሁለቱም እኩል ዕድል ሲኖራቸው።

```
H = - p1·log2(p1) - p2·log2(p2)
```

4 ለ 4 ሲሆን ልክ 1 ቢት ይመጣል። 3 ለ 1 ሲሆን 0.311 + 0.5 = 0.811። ስለዚህ የዋሱ ጥያቄ ኢንትሮፒውን ከ1 ወደ 0.811 ያወርደዋል፣ ትርፉ 0.189 ነው። የደሞዙን እንይ። 2 ለ 4 ሲሆን 0.528 + 0.390 = 0.918 ነው፤ በ6/8 ሲመዘን 0.689 ይሆናል። ትርፉ 0.311። አሁንም ደሞዝ አሸነፈ። ይህ ትርፍ በመስኩ ኢንፎርሜሽን ጌይን ይባላል።

ታዲያ የቱን እንጠቀም? እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ለውጥ የለውም። ሁለቱም ንጹሕ ቡድን ላይ ዜሮ፣ ግማሽ በግማሽ ላይ ከፍተኛ ናቸው፣ በመሃል ያለው ቅርፃቸውም ተቀራራቢ ነው። ጂኒ ሎጋሪዝም ስለማያስፈልገው ትንሽ ይፈጥናል። የፓይተን ላይብረሪው scikit-learn ካልነገሩት በስተቀር በጂኒ ነው የሚሠራው። እኔ ብሆን በዚህ ምርጫ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ቁጥር ሲሆን

የብድሩ መጠን አዎ ወይም አይ አይደለም። ዛፉ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድርና በየሁለቱ ጎረቤት መሃል መቁረጫ ይሞክራል። ስምንት የተለያዩ ቁጥሮች ስላሉን ሰባት መቁረጫ አለ፤ ለሰባቱም ጂኒ ያሰላል። እኛ ጋ ጥሩ የሚባሉት 22.5 እና 70 ናቸው፣ ሁለቱም 0.429 ይሰጣሉ። ከደሞዙ 0.333 ይብሳሉ፣ ስለዚህ ብድር ለመጀመሪያው ጥያቄ አልተመረጠም።

ደሞዝ የሌላቸው ስድስቱ ጋ ስንወርድ ውድድሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። እዚህ ዋስ ያሸንፋል፦ ዋስ የሌላቸው ሦስቱ በሙሉ ያልከፈሉ ናቸው፣ ዋስ ያላቸው ደግሞ 2 ለ 1። የሚመዘነው ጂኒ ከ0.444 ወደ 0.222 ይወርዳል። የቀሩት ሦስት ሰዎች ብድር 20፣ 30 እና 80 ሺ ነው። ዛፉ በ30 እና በ80 መሃል፣ በ55 ላይ ይቆርጣል። ሁሉም ቡድን ጠራ፣ ጂኒው ዜሮ።

ግን ያ የመጨረሻ መቁረጫ የቆመው በአንድ ሰው ላይ ነው። 55 ሺ የሚለውን ያመጣው ተራ ቁጥር 5 ብቻ ነው። እሱ 45 ሺ ቢበደር ኖሮ መቁረጫው 37.5 ይሆን ነበር። ኦቨርፊቲንግ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በ`min_samples_leaf` አንድ ቅጠል፣ ማለትም ከዚያ በኋላ የማይከፈል የመጨረሻ ቡድን፣ ቢያንስ ስንት ሰው ይያዝ ብለን ማሰር የምንችለው ለዚህ ነው።

በእጅ የሠራነውን ማመሳከር ለሚፈልግ፦

```python
from sklearn.tree import DecisionTreeClassifier, export_text
X = [[1,1,40],[1,0,60],[0,1,20],[0,1,30],
     [0,1,80],[0,0,50],[0,0,25],[0,0,28]]
y = [1,1,1,1,0,0,0,0]
t = DecisionTreeClassifier(criterion="gini").fit(X, y)
print(export_text(t, feature_names=["demoz","was","bidir"]))
print(t.tree_.impurity)
```

0.5 እና 0.444ን በመጨረሻው መስመር ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ተራ ቁጥሩን ከ`X` ውስጥ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። ሰንጠረዡን መለስ ብላችሁ እዩት፦ ከ1 እስከ 4 ከፋዮች፣ ከ5 እስከ 8 ያልከፈሉ ናቸው። ተራ ቁጥር ቢገባ ዛፉ በ4.5 ላይ ቆርጦ በአንድ ጥያቄ ጂኒውን ዜሮ ያደርገው ነበር። ጂኒ የቁጥሩን ትርጉም አያውቅም፣ ቅይጥነቱን ብቻ ነው የሚያየው። በእውነተኛ ሥራ ላይም የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉንም ነገር ከፋፍሎ ከጨረሰ ደስ ከመሰኘት በፊት ያ ዓምድ ምን እንደሆነ ማየት ይሻላል። የፋይል ቁጥር ወይም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የተሞላ ዓምድ ሊሆን ይችላል።

ያሸነፈው ጥያቄ ሁሌ ይሻላል?

አሁን ሰንጠረዡን በሌላ መንገድ እንሞክረው። በተሸነፈው በዋሱ እንጀምር። ዋስ ያላቸው አራቱ የተበደሩት 40፣ 20፣ 30 እና 80 ነው፤ ያልከፈለው ባለ 80ው ነው። በ60 ላይ አንዴ ብንቆርጥ ይጠራሉ። ዋስ ከሌላቸው አራት የከፈለው ደሞዝ ያለው ብቻ ነው። «ደሞዝ አለው?» ብንል እነሱም ይጠራሉ።

ማለትም በዋስ የጀመረው ዛፍ ማንንም ከሁለት ጥያቄ በላይ ሳይጠይቅ ስምንቱንም በትክክል ለየ። በጂኒ የተመረጠው ግን እስከ ሦስት ጥያቄ ይሄዳል። `max_depth=2` ብለን ብናስረው ደግሞ አንድ ሰው ይስታል።

ምክንያቱ ዛፉ የሚያየው አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ ነው። ጂኒም ሆነ ኢንትሮፒ የሚመልሱት «አሁን ብከፍል ቅይጥነቱ ምን ያህል ይቀንሳል?» የሚለውን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አያሰሉም። ሁሉንም ዛፍ ሞክሮ ምርጡን እንዳይወስድ ደግሞ የዛፎቹ ብዛት አያስችልም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ሃያፊልና ሪቨስት በ1976 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ በአማካይ ጥቂት ጥያቄ የሚጠይቀውን ዛፍ የማግኘቱ ችግር እስካሁን ፈጣን መፍትሔ ካልተገኘላቸውና ኤንፒ-ኮምፕሊት ከሚባሉት ችግሮች ይመደባል። በስምንት ሰውና በሦስት ዓምድ እኛ በእጃችን አገኘነው። በሺዎች ሰውና በመቶ ዓምድ ግን አንድ እርምጃ እያየ ከመሄድ ውጪ ብዙም አማራጭ የለውም።