የሰኞው ሚቲንግ በአንድ ገጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማጠቃለያ ማለት የተወራውን ማሳጠር አይደል እንዴ?»

አይደለም። ወሬን በቅደም ተከተሉ ብታሳጥሩት የምታገኙት አጭር ወሬ ነው። የአንድ ሰዓት ሚቲንግ ተቀድቶ ሲጻፍ ከአስር ገጽ በላይ ይወጣዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው ነገ ተነስቶ የሚሠራበት አምስት ስድስት መስመር ቢሆን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ርዕሶቹን ብቻ ለዩ። ከዚያ እያንዳንዱ ርዕስ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳበትን ቦታ ፈልጉ። የእኛ ሚቲንግ ይዞራላ፤ ባነሩ መጀመሪያ ላይ ይነሳል፣ መሀል ላይ የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይገባል፣ ሊያልቅ ሲል አንዱ ላፕቶፑን እየዘጋ «ቆይ ግን ያ ባነር…» ይላል። ብዙ ጊዜ ውሳኔው ያለው እዚያ ነው።

«ሁሉም እሺ ካለ ያው ተወስኗል።»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስታዲየም አካባቢ ያለ፣ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ቢሮ እንበል። ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ተሰብስበው፣ ከተቀዳው ድምፅ የተጻፈው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

— ትልቁ ባነር ይታተም?
— ይታተማል፣ ችግር የለውም።
— እሺ እሺ።

ይሄንን ይዞ «ትልቁ ባነር እንዲታተም ተወሰነ» ብሎ የጻፈ ሰው ገንዘብ ያስወጣል። ምክንያቱም አራት ገጽ ወረድ ሲባል ይሄ አለ፦

— ለካ የኛ ቦታ ትልቁን አይዝም።
— በቃ ይቅራ፣ ሁለት ትንንሽ ይሁን።
— በጀቱ ይበቃል፣ ይሁን።

የመጨረሻውን ያለችው ሥራ አስኪያጇ ናት። ውሳኔ ማለት ይሄ ነው፤ አማራጭ ቀርቦ አንዱ ቀርቷል፣ መወሰን የሚችል ሰው አጽድቆታል፣ ከዚያ በኋላም ማንም መልሶ አልከፈተውም። የላይኛው «እሺ እሺ» ግን «ሰምተናል፣ ቀጥል» ከማለት አያልፍም። «እናየዋለን» የተባለውን ሁሉ ደግሞ ውሳኔ ውስጥ አትጨምሩት፤ ገጹ ግርጌ ላይ «ያልተቋጩ» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

«ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይሠራዋላ!»

ማነው ያለው? ባነሩ ሁለት ትንንሽ ይሁን ያለው ዲዛይነሩ ነው። ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ የግዢዋ ልጅ «ማተሚያ ቤት ስለምሄድ እኔ እይዘዋለሁ» ብላለች። ኃላፊዋ እሷ ናት።

ጽሑፉ ውስጥ «ይላካል»፣ «ይደወልላቸዋል»፣ «ይስተካከላል» የሚሉትን እየፈለጋችሁ ቀጥሎ ያለውን መስመር እዩ። ሁሉም ነገር ይደረጋል፣ አድራጊው ግን የለም። «እኔ» ያለ ሰው ካላገኛችሁ ሥራው ባለቤት የለውም ማለት ነው። «ማርኬቲንግ» ብሎ መጻፍም አይጠቅምም፤ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። በሌለበት ሥራ የተሰጠው ሰው ደግሞ ራሱ እሺ እስኪል ድረስ አልያዘውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም በአንድ ማይክ ዙሪያ ከተቀመጡ ጽሑፉ የአንዱን ንግግር ለሌላው ይሰጣል። ስም ከመጻፋችሁ በፊት ያቺን ደቂቃ ከድምፁ ስሙ።

«ሐሙስ ነው የተባለው፣ ሐሙስ ብዬ እጽፋለሁ።»

የትኛው ሐሙስ? ገጹን ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከፍቶ ሊያየው ይችላል። «ሐሙስ ጥቅምት 20» በሉት። ውጭ አገር ያለ ደንበኛም የሚያየው ከሆነ ከጎኑ «ኦክቶበር 30» ጨምሩበት፤ «በ20» ብቻ ካላችሁት እሱ በራሱ ካላንደር አስር ቀን ቀድሞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «10 ሰዓት» ተብሎ ስልክ ላይ 10:00 ከተሞላ፣ ማስታወሻው የሚጮኸው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ይባል፣ ስልኩ ላይ 16:00 ይሞላ። ደግሞ በዚያ ቀን ምን እንደሚያልቅ ይገለጽ፤ ባነሩን ማዘዝ ሌላ፣ ባነሩ ቢሮ መግባቱ ሌላ። የኛ ባነር እንግዲህ ይቺን ታክላለች፦

ውሳኔ፦ ሁለት ትንንሽ ባነር ይታተማል፣ ትልቁ ቀርቷል።
ኃላፊ፦ የግዢዋ ልጅ (በስሟ)።
ቀነ ገደብ፦ ታትሞ ቢሮ የሚገባው ሐሙስ ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።

«ስም ወይም ቀን ከጎደለ በግምት ብሞላው ምን አለበት?»

ግምታችሁ ከተላከ በኋላ ትእዛዝ ይሆናል። «ኃላፊ አልተያዘም» ወይም «ቀን አልተቆረጠም» ብላችሁ ተዉትና እዚያው ቀን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጠይቁ፦ «የቦታውን ክፍያ ማን ይዞታል? እስከ መቼ?» እስከ ረቡዕ ካቆያችሁት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያስታውሰው። መልሱ ሲመጣ ሞልታችሁ ላኩት። ከአንድ ገጽ ካለፈባችሁ የምትቆርጡት ለምን እንደተወሰነ የሚያብራራውን ነው፤ እሱን የፈለገ ሙሉው ቅጂ አለለት።