ትንፋሽ የሚያሳጥር ገጽ፦ የማሳደድ ትዕይንት እንዴት ይጻፋል

የማሳደድ ትዕይንት በልቦለድ ውስጥ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲከተለው የሚታይበት ክፍል ነው። ሌባና ፖሊስ፣ ባለዕዳና አበዳሪ፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው አብሮ የሚሮጥ እስኪመስለው ማድረስ። ለዚህ በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዘዴዎች ዓረፍተ ነገርን ማሳጠርና የስሜት ሕዋሳትን ቶሎ ቶሎ መቀያየር ናቸው። ሲወራ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይይዝና ገጹን በአራት ነጥብ ይሞላዋል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አድራጊው ግሡ ውስጥ ስላለ «ዘለለ።» ብላችሁ አራት ነጥብ ብታስቀምጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስም አያስፈልግም፣ «እሱ» አያስፈልግም። ችግሩ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ጠባቡ መንገድ ላይ የተደረደሩትን የሽንኩርት ጆንያዎች ዘለላቸው» ስትሉ አንባቢው መንገዱን አየ፣ ድርድሩን አየ፣ ሽንኩርቱን አየ፣ ዝላዩ ገና አልመጣም። ለረጋ ትረካ ምንም አይደል። ሩጫ ላይ ግን ሰውየው ከገለጻው ኋላ ይጎተታል። ስለዚህ ይቆረጣል፦ «ጆንያ። ዘለለው። ሌላ ጆንያ።»

ሁለተኛው የአማርኛ ጉልበት ቦዝ አንቀጽ ነው። ዘሎ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ገፍቶ እያላችሁ ስትደረድሩ አንባቢው የሚያርፍበትን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል፣ እናንተ ትነፍጉታላችሁ። አጭር ዓረፍተ ነገር ልብ ምትን ይመስላል ካልን፣ ይሄኛው ትንፋሽ መያዝን ነው። ጥሩ ትዕይንት ሁለቱንም ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቦታው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፤ አሮጌ ቆርቆሮና በርሜል ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቀጥ የሚውልበት። አንድ ልጅ ስልክ ነጥቆ ይሮጣል። የመጀመሪያው ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይወጣል፦

«ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በፍጥነት ሮጠ። ከኋላው ሰዎች እየተከተሉት ስለነበር በጣም ፈርቷል። በድንገት በግራው ጠባብ መንገድ ሲያይ በዚያ ቢገባ ሊያመልጥ እንደሚችል አሰበና ታጠፈ።»

ስህተት የለበትም፣ ግን ማንም አይሮጥም። «በፍጥነት»፣ «በጣም»፣ «በድንገት» የሚሉት ቃላት ፍጥነቱን ያወሩታል እንጂ አያሳዩትም። «አሰበና» ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ቆሞ ሐሳብ አያገላብጥም። አሁን ይሄን እዩት፦

«ሮጠ። ከኋላው ጫማ። ሁለት ሰው፣ ምናልባት ሦስት። በግራ ቅያስ አየ፤ እጥፍ አለ። መዶሻ። ቆርቆሮ ላይ መዶሻ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ጆሮው ሞላ። የጫማውን ድምፅ አጣው። መዞር ፈራ። ትከሻውን የበርሜል ጠርዝ ገጨው። ሞቀው። አፉ ደም ደም አለው። በርሜሉን ታክኮ፣ ጆንያ ረግጦ፣ ተንሸራቶ፣ በእጁ መሬት ነክቶ፣ ተነስቶ፣ ሽቦውን በጎን አልፎ፣ የሰው ትከሻ ገፍቶ፣ ይቅርታ ሳይል፣ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ፀሐይ። ዓይኑን ወጋው። የሰው እጅ ኮሌታውን ያዘ።»

በየዓረፍተ ነገሩ ያለውን የቃል ቁጥር በዳር ብትጽፉት 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 1፣ 7፣ 3 እያለ ሄዶ ሰባት ቦዝ አንቀጽ የተደረደረበት ዓረፍተ ነገር ላይ 20 ይደርስና ወደ 1 ይወድቃል። ጉዳዩ ያለው እዚህ መዋዠቅ ላይ ነው። ሁሉም ሦስት ሦስት ቃል ቢሆን ኖሮ ጆሮ ቶሎ ይለምደው ነበር፤ የለመደው ነገር ደግሞ የቱንም ያህል አጭር ቢሆን አያጣድፍም። «ፀሐይ።» የምትለው አንዷ ቃል የምትመታው ከረጅሙ በኋላ ስለመጣች ነው።

ስሜቶቹ እንዴት እንደተቀያየሩም ልብ በሉ። ብዙ ጀማሪዎች «አየ፣ ሰማ፣ ሸተተው» ብለው አምስቱንም ሕዋሳት በየተራ ያስጎበኛሉ። ይሄ የገበያ ዝርዝር ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቅያሬ ምክንያት አለው፦ አንዱ ሕዋስ ሲዘጋ ሌላው ይረከባል። ልጁ አሳዳጆቹን የሚያውቃቸው በጫማቸው ድምፅ ነበር። መዶሻው ያንን ቀማው። አሁን ቅርብ ይሁኑ ሩቅ አያውቅም፣ አንባቢውም አያውቅም። ዓይኑን ለመጠቀም መዞር አለበት፣ መዞር ደግሞ ያዘገየዋል። የቀረው ሰውነቱ ነው፤ ትከሻው፣ አፉ። መጨረሻ ላይ ብርሃኑ ዓይኑንም ሲነጥቀው የሚያዘው በንክኪ ነው። ፍርሃቱን በስሙ የጠራነው «መዞር ፈራ» በምትለዋ ብቻ ነው፤ እሷም ከድርጊት ጋር የታሰረች ናት።

የሰውነትን ነገር ማወቅም ይጠቅማል። በከባድ ፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው ዕይታው ይጠብባል፣ ዳር ዳሩ ይጠፋዋል፤ አንዳንዴ በጣም ጮክ ያለ ድምፅ እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ሯጩ የአሳዳጁን የሸሚዝ ቀለም ከነቁልፎቹ ሲነግረን አናምነውም። ሽታም እንዲሁ ነው። የሚያለከልክ ሰው በአፉ ስለሚተነፍስ ሽታ ብዙም አይለይም። በርበሬ ወፍጮ ቤት በር ላይ ካሳለፋችሁት «የበርበሬ ሽታ አወደው» አትበሉ፤ ጉሮሮውን ያቃጥለው፣ ያስለው። ሳሉ ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሽታው ለትዕይንቱ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ሌላው በየቦታው የሚታይ ጉድለት የማይደክም ሯጭ ነው። ሰው ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይዝላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ዳገት ከተጨመረበት ጉዱ ይፈላል። ጀግናችሁ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በአንድ ትንፋሽ ከደረሰ አንባቢው ማመን ያቆማል። መደበቂያ፣ ታክሲ፣ የሰው ግርግር ይግባበት። በዚያ እረፍት ዓረፍተ ነገሩም ይርዘም፣ አንባቢውም ትንሽ ይተንፍስ፤ ሁለተኛው ሩጫ የሚከብደው ያኔ ነው።

መልክዓ ምድሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ቦታ ለማስረዳት ጊዜ የለም። ቅያሱ፣ በርሜሎቹ፣ መውጫው አስፋልት ከሁለት ሦስት ገጽ በፊት፣ ልጁ ቀስ ብሎ ሲሄድባቸው መታየት አለባቸው። ያኔ «ቅያስ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። ካልታዩ «ወደ ሰሜን የሚወስደው፣ ሁለቱ ሱቆች መሃል ያለው» እያላችሁ መሃል ላይ ትቆማላችሁ።

ለመፈተሽ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። ሁለት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፦ ሳይፈለግ ትንፋሽ የወሰዳችሁበትና ድምፃችሁ አንድ ዓይነት ዜማ የያዘበት። የመጀመሪያው ላይ ብዙውን ጊዜ «የ» እና «ስለ» የበዛበት ገለጻ ታገኛላችሁ፤ አውጡት ወይም ከሩጫው በፊት ወስዳችሁ አስቀምጡት። ሁለተኛው ላይ ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ሁለቱን በቦዝ አንቀጽ አገናኙና ሦስተኛውን ወደ አንድ ቃል አውርዱት። ትዕይንቱ ከሁለት ገጽ ካለፈና መሃሉ ላይ ምንም አዲስ እንቅፋት ካልገባ ግን ጥገናው አያድነውም፤ ማሳጠር ነው።